ገና ስምንት ኪሎ ሜትር

ክለቡ ውስጥ ጉንዳን የሚሏት ማራቶንን ቆራርሳ ስለምትሮጥ ነው። አርባ ሁለቱን ኪሎ ሜትር ባንዴ ያሰበ ሰው እግሩ ሳይደክም ልቡ ይደክማል ባይ ናት። እስከ ሠላሳኛው ኪሎ ሜትር ድረስ የምታስበው ከአንዱ የውሃ ጠረጴዛ እስከ ቀጣዩ ያለውን ብቻ ነው። ከሠላሳ በኋላ፣ ጭን ድንጋይ ሲሆንና ራስ «አሁንስ በቃሽ» ማለት ሲጀምር፣ እሱም ይበዛባታል። ያኔ ቀኝ እግሯ መሬት በነካ ቁጥር እየቆጠረች መቶ ስትደርስ አንድ ጣት ታጥፋለች። መቶዋ ሦስት መቶ ሜትር ገደማ ትወስዳታለች። ከዚያ ሌላ መቶ፣ ሌላ ጣት። በጠቅላላው ስንት እንደቀረ አታስብም፤ የሚነግራትንም ሰው አትወድም።

ይህን ሁሉ ለሙሽሪት ያስተማረቻት ራሷ ናት። ሙሽሪት የወንድሟ ሚስት ናት፤ ካገባች አራት ዓመት ቢሆናትም ስሙ አልለቃት አለ። የሚኖሩት አንድ ግቢ፣ የሚሮጡት ለአንድ ክለብ ነው። «ሲጠፋብሽ አትደንግጪ፣ ከአንድ ጀምሪ» ብላታለች ጉንዳን። ሙሽሪት ጎበዝ ተማሪ ሆነችላት፤ አንድ ነገር ብቻ እምቢ አላት። በሆዷ መቁጠር አትችልም። አሥር በሞላ ቁጥር ከአፏ ያመልጣታል፣ አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ እያለ። አሰልጣኙ ተቆጥቶ ተቆጥቶ ተወው። በሁለቱ መካከል ግን አንድ ሕግ ነበር፤ ከሠላሳ በኋላ ስንት እንደቀረ የሚናገር የለም።

አምና የምርጫው ውድድር ላይ፣ አንደኛ የወጣች ብቻ ለብሔራዊ ቡድን የምታልፍበት ነበር፣ ሁለቱ ብቻቸውን ተነጥለው ሠላሳ አራተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ደረሱ። ነዳጅ ማደያው ጋ ያለው መታጠፊያ ነው። ጉንዳን ሌላ ጣት ልታጥፍ ስትል ሙሽሪት ትከሻዋ አጠገብ መጣችና፣ ማር በተቀባ ድምፅ፣ «እታለም፣ ገና ስምንት ኪሎ ሜትር ይቀረናል እኮ» አለቻት።

ጣቶቿ ተፈቱ። ያ ሁሉ ስትሸሸው የኖረችው መንገድ ባንዴ ፊቷ ተዘረጋ። ቁጥሯን ብትፈልግ አጣችው፤ ስምንት፣ ስምንት ብቻ ይላታል። አራተኛ ሆና ገባች። ሙሽሪት አንደኛ ወጥታ ውጭ አገር ደርሳ የቡድኑን ቱታ ለብሳ ተመለሰች።

ክስ የሚቀርብበት ነገር አይደለም። ዳኛ አልገፋቻትም ይላል። ጉንዳን ለወንድሟ ብትነግረው፣ ጎሚስታ ነው፣ ጎማውን ውሃ ውስጥ እየነከረ ሳቀባት። «እና ዋሸች? ስምንት አልነበረም?» አላት። ከዚያ ቀን ወዲህ ለማንም አልተናገረችም።

ቱታው ግን ተናጋሪ ነበር። ሙሽሪት ሽንኩርት ልትገዛ ስትወጣ እንኳ እሱኑ ትለብሳለች። ባጠበችው ቁጥር ደግሞ ያ ሁሉ ገመድ እያለ የጉንዳን መስኮት ፊት ለፊት ታሰጣዋለች። ጉንዳን በየጠዋቱ መጋረጃዋን ስትገልጥ የምታየው የቱታ ጀርባ ነው። አንጀቷ እያረረ «እንደምን አደርሽ» ትላታለች፤ አብረው ይሮጣሉ፤ አብረው ይበላሉ። ዓመቱን ሙሉ አንድ ነገር ብቻ አሰበች፤ ያቺን ዓረፍተ ነገር፣ እዚያው ቦታ ላይ፣ በዚያው ድምፅ እመልስላታለሁ። መስታወት ፊት ቆማ ተለማመደችው። የዘንድሮውን መንገድ የቆራረሰችውም በሱ ልክ ነው። እስከ ማደያው ያለውን በየውሃው፣ በየዛፉ፣ በየመቶው ለይታ በቃሏ ያዘችው።

ቀኑ ደረሰ፤ ነገሩም እንዳሰበችው ሆነ። ሠላሳ ሁለት ላይ ሌሎቹ ቀሩ። ማደያው ሲታይ ሙሽሪት አጠገቧ ሆና «ሃምሳ… ስድሳ…» እያለች ነው። ጉንዳን ጠጋ አለችና፣ «ሙሽሪትዬ፣ ገና ስምንት ኪሎ ሜትር ይቀረናል እኮ» አለቻት።

ሰባው አልመጣም። የሙሽሪት ትከሻ ወደ ጆሮዋ ወጣ፤ ትንፋሿ ተቆራረጠ። ጉንዳን ያኔ ፈተለከች። ሁለት ጊዜ መቶ ያህል በሙሉ ኃይሏ ሮጠች። ሠላሳ አምስት ላይ ውሃ ስታነሳ ዘወር ብላ አየች፤ ሙሽሪት ስድሳ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ቀርታለች። ጉንዳን ደስ አላት። እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም፤ በወንድሟ ሠርግ ቀን እንኳ እንዲህ አልሳቀችም።

ውሃዋን ጣለችና ቀጣዩን ቁራጭ ፈለገች። የለም። ከማደያው ወዲያ ያለውን መንገድ ዓመቱን ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አልቆራረሰችውም ነበር። ሌላውን የምታሠለጥን ሴት፣ ለጀማሪ የምታስተምረውን ረስታ፣ ሩጫዋን በቀሏ ላይ ጨርሳዋለች። ይባስ ብሎ ያቺ ዓረፍተ ነገር ከአፏ ስትወጣ የራሷ ጆሮ ገብታለች። መቁጠር ጀመረች። ሃያ ላይ ጭንቅላቷ «ሰባት ቀረ» አላት፤ እንደገና ጀምራ ሠላሳ ላይ «ሰባት እኮ ነው» አላት። የኪሎ ሜትር ምልክቶቹን ማየት ጀመረች፤ ባየች ቁጥር ይርቃሉ። ያ የፈተለከችበት ፍጥነትም ዋጋውን ከጭኗ ጠየቀ።

ሠላሳ ዘጠኝ ላይ ከኋላዋ ድምፅ ሰማች። «ሠላሳ… አርባ…» ሙሽሪት ቁጥሩ ቢጠፋባትም አልደነገጠችም፤ ከአንድ ጀምራለች። ዘወር ብላ ሳታያት አለፈቻት።

ጉንዳን ደሟ ፈላ። የራሷ ቆጠራ፣ ራሷ ያወጣችው፣ ራሷ ያስተማረችው፣ ጥሏት እየሄደ ነው። ትሂድ እንጂ እሱን ይዛብኝ አትሄድም አለች በልቧ። ከሙሽሪት ኋላ ተለጠፈች፤ ቀኝ እግሯን ከሙሽሪት ቀኝ እግር ጋር አገጣጠመች። «ሃምሳ» ሲባል ሃምሳ፣ «ስድሳ» ሲባል ስድሳ። «መቶ» ሲባል ጣቷን አጠፈች። ራሷ መቁጠር ያቃታትን ቁጥር ጠላቷ ትቆጥርላት ጀመር።

ሦስተኛው ጣት ላይ ሙሽሪት ነቃች። የኋላዋን ኮቴ ሰምታ አፏን ዘጋች። ጉንዳን ይህን ስትጠብቅ ነበር። ሙሽሪት አሥራ አምስት እርምጃ እንኳ አልሄደችም፤ እግሯ ተወላገደ፣ ቁጥሩ ጠፋባት። ዝም ካለች ትወድቃለች፤ ጮክ ካለች ጉንዳንን ትመግባለች። ሌላ ምርጫ የላትም። ሲያቅታት እንደገና «አሥር» አለች። ጉንዳን ለሁለተኛ ጊዜ ደስ አላት፤ ይኼኛው ከመጀመሪያው ይበልጥ ነበር።

አሥረኛው ጣት ሲታጠፍ የመጨረሻው መስመር ከነሰዓቱ ይታያል። ለሱ ቁጥር አያስፈልግም። ጉንዳን ወጣ ብላ አለፈቻትና በአራት ሰከንድ ቀድማ ገባች።

አሰልጣኙ እያቀፋት ቡድኑ ውስጥ መግባቷን ነገራት። ሙሽሪት አስፋልቱ ላይ ተቀምጣለች፤ እጆቿ እንደተጨበጡ ናቸው።

«እታለም፣ በኔ ቆጠራ ነው የገባሽው» አለቻት።

ጉንዳን ጎንበስ ብላ የሙሽሪትን የተጨበጡ ጣቶች አንድ በአንድ ፈታችላት።

«በማን ቆጠራ?» አለቻት።

ከአንድ ወር በኋላ የቡድኑ ቱታ ደረሳት። አዲስ ነው፤ ከላስቲኩ ገና አሁን መውጣቱ ነው። ጉንዳን ውሃ ቀዳች፣ ሳሙና አመጣች፣ አጠበችው። ከዚያ ያ ሁሉ ገመድ እያለ የሙሽሪት መስኮት ፊት ለፊት አሰጣችው።