አሥራ ሦስተኛው የት ይገባል?

የሂሳብ መምህሯ ወረቀቱን ደጋግማ አነበበችው። «ሳንባ ነቀርሳ አልተገኘም» ይላል። የጂኦግራፊው መምህር ደም አስሎ ሆስፒታል ከገባ ወዲህ የስድስት ወር ልጇን አላቀፈችም። ብቻዋን ሳሎን እየተኛች፣ የልጅቷን ለቅሶ በግድግዳ በኩል እየሰማች ነው የከረመችው። በቃ፣ አለቀ። ዛሬ እቅፍ አድርጋ ትስማታለች።

ቦርሳዋን ልታነሳ ወደ መምህራን ማረፊያው ተመለሰች። ሁሉም ለምርመራው ከመጣችው ነርስ ውጤቱን ለመቀበል ተራውን እየጠበቀ ተኮልኩሏል። ቀልደኛው የስፖርት መምህር እንኳ አቀርቅሮ ጫማውን ያያል። ዓይኗ ሳታዝዘው ሰዉን ቆጠረ፤ የሙያ አመል ነው። እሷን ጨምሮ አሥራ ሦስት።

ያን ጊዜ ነው የዘረጋችው እጅ ቦርሳው ላይ የቀረው።

ነርሷ ደግ ሰው ናት፤ ጣጣውንም ያመጣው ደግነቷ ነው። መምህራኑ ውጤታቸው ርእሰ መምህሩ ጆሮ እንዳይደርስ ስለፈሩ፣ «ስም የሚባል ነገር አልጽፍም» ብላ ማለችላቸው። እያንዳንዱ በአክታው ዕቃ ላይ የተወለደበትን ወር ብቻ ጻፈ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት። ውጤቱም በታሸገ ፖስታ፣ ያችው ቁጥር ብቻ ተጽፋበት መጣ። ሌላ ትምህርት ቤት አራት ሰው በዚሁ ዘዴ መርምራ አንድም እንከን አልገጠማትም ነበር።

መምህሯ ደግሞ በዚሁ ሳምንት ይህንኑ ስታስተምር ነበር። «አሥራ ሦስት ሰው ካለ ቢያንስ ሁለቱ በአንድ ወር ተወልደዋል» ስትል፣ ከኋላ ያለች ተማሪ «እሱማ ዕድል ነው፣ ቲቸር» አለቻት።

«ዕድል የለበትም። የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ሰዎች እንደ ምኞትሽ ሁሉም በተለያየ ወር ይወለዱልሽ። ወሮቹ አለቁ። አሥራ ሦስተኛው የት ይገባል? ከዚያ በፊት ተደርበው ከሆነ ደግሞ ያልኩሽ ቀድሞ ደረሰ ማለት ነው።»

ለልጆቹ እንዲህ የተነተነችውን፣ የገዛ አክታዋ ላይ «7» ስትጽፍ አላሰበችውም። ፍርሃት ሰውን እንዲህ ያደነዝዛል።

አሁን ግን ሂሳቡ አልለቅ አላት። ከዚህ ክፍል ቢያንስ ሁለት ሰው ተመሳሳይ ቁጥር ጽፏል። እነማን እንደሆኑ ግን ሂሳቡ አይናገርም፤ አሉ ይላል እንጂ እነ እገሌ ናቸው አይልም። ሌሎች ይሁኑ ብላ ተመኘች። በምኞቷ አፈረች፤ ግን አልተወችውም። ወረቀቱን ኪሷ ከትታ ብትወጣ ማን ያያታል? ልጅቷ ቤት እየጠበቀቻት ነው።

እጇ በሩ ላይ እንዳለ ዞረች።

«ይቅርታ፣ በሰባተኛው ወር የተወለደ ሰው አለ?»

ከጥጉ፣ ተማሪ ሁሉ «እትዬ ጸጥታ» የሚላቸው የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ መነጽራቸውን አወለቁ።

«እኔ ነኝ፣ ልጄ። ምነው?»

እጃቸውን ይዛ ወደ ነርሷ ክፍል ገባችና አስረዳች። ነርሷ እየሰማች ፊቷ አመድ መሰለ።

«አንዳንዱ ቁጥር ሁለት ፖስታ ነበረው» አለች ቀስ ብላ። «ላብራቶሪው ቅጂ የላከ መስሎኝ... ከላይ ያለውን ነው የሰጠሁሽ።»

ሁለተኛውን «7» አወጣችና ለሁለቱ ዘረጋችላቸው። እትዬ ጸጥታ ቀደዱት፤ አነበቡት። ከዚያ አሳዩአት። «ተገኝቷል» ይላል።

ከሁለቱ አንዳቸው ታመዋል። የትኛዋ እንደሆነች ነርሷም፣ ሂሳቡም አያውቁም።

«አንቺ ‹አልተገኘም› የሚለውን ያዢና ሂጂ» አሉ እትዬ ጸጥታ። «ሕፃን አለሽ። እኔ ቤት ከድመት በቀር የሚጠብቀኝ የለም።»

እውነት ለመናገር፣ አንድ ትንፋሽ ያህል ወረቀቱን ጨበጥ አድርጋ ያዘችው። እንደዚያን ጊዜ ፈርታ አታውቅም።

«እትዬ፣ የሚያስለው ወረቀቱ አይደለም» አለችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ነርሷ ሁሉንም ጠርታ ፖስታዎቹ እንደማያገለግሉ ነገረቻቸው፤ አዲስ ዕቃ አድላ በየስማቸው አስጻፈች። ስሙን አልጽፍም ያለ አንድም ሰው አልነበረም።

ቤት ስትደርስ ባሏ ልጅቷን አቅፎ በሩን ከፈተ። ልጅቷ እናቷን ስታይ ሁለት እጇን ዘረጋች።

«ምን አሉሽ?» አላት።

አፏን በነጠላዋ ሸፍና ከደጃፉ ወደኋላ አለች።

«ገና አልታወቀም» አለች። «ይዘሃት ግባ።»