የየመስመሩ የመጀመሪያ ቃል

ከየመስመሩ የመጀመሪያውን ቃል ትቼ ነው የገለበጥኩት። ጥፋት መሆኑን ያወቅኩት ልጄ ምሥራቅ ለመውጫ ፈተናው ስድስት ቀን ሲቀራት፣ ሦስት ደብተር ሞልታ ከጨረሰች በኋላ ነው።

ምሥራቅ በዕፅዋት ሳይንስ አራት ዓመት ተምራለች። ግን የመውጫ ፈተናውን ያላለፈ ዲግሪ አያገኝም። ሰኔ ላይ ተፈትና አርባ አንድ አመጣች፤ ማለፊያው ሃምሳ ነው። ለጥር በድጋሚ ተመዘገበች። የሚነበበው የአሥራ አምስት ኮርስ ሞጁል ነው፤ ሲደረደር ጉልበቴ ድረስ ይመጣል።

ሰኔ ላይ የሄደችው በየምዕራፉ ነበር። ከመጀመሪያው ሞጁል ምዕራፍ አንድ ተነሥታ እያንዳንዱን ምዕራፍ በሁለት ገጽ ስታሳጥር፣ ፈተናው ዘጠነኛው ኮርስ ላይ ደረሰባት። ስድስቱን ሳታያቸው ገባች። ስለዚህ ኅዳር ላይ ደብተር ከመግዛቷ በፊት አማከረችን።

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የቀረሁ ሰው ነኝ። አሁንም በምዕራፍ ይሁን አልኩ። የዘለልሽው ገጽ ነው የሚመጣብሽ፣ የእኛ ዕድል እንደዚያ ነው ብዬ። ከሮቢት የመጣችው፣ አብራት የምትፈተነው ጓደኛዋ ራዊያ ደግሞ በርዕስ ይሻላል አለች፤ የተባይ ነገር በአምስት ኮርስ ተበታትኖ ስላለ አንድ ቦታ ሰብስቦ አንዴ መገላገል። ምሥራቅ ሁለታችንንም አልሰማችም። ተማሪው ምን መቻል እንዳለበት የሚዘረዝር የዓላማዎች ወረቀት አለ፣ ፈተናው የሚወጣው ከእሱ ነው፣ ከየኮርሱ ስንት ጥያቄ እንደሚመጣም እዚያው ተጽፏል አለችን። ዓላማውን ማንበብ፣ ከሞጁሉ ለእሱ የሚሆነውን ብቻ ማውጣት።

«እማ፣ የማይጠየቀውን ለምን እሸከማለሁ?» አለችኝ።

ወረቀቱን ያመጣችው ራዊያ ናት። መብራት ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ስለነበር ፎቶ ኮፒ ቤቶቹ አይሠሩም፣ የማናችንም ስልክ ባትሪ የለውም። ራዊያ ደግሞ በዘጠኝ ሰዓት መኪና መመለስ አለባት። ተከፋፈልነው፤ ምሥራቅ የጥያቄ ብዛቱን ሠንጠረዥ፣ እኔ ዓላማዎቹን። መቶ አሥራ ስምንት መስመር ነው፣ በእንግሊዝኛ። እየጻፍኩ ሳለሁ የየመስመሩ መጀመሪያ ቃል እየተመላለሰ እንደሚመጣ አየሁ፤ አብራራ፣ ለይ፣ አስላ፣ ንደፍ፣ ደግሞ አብራራ። በፈተና ወረቀት አናት ላይ «የሚከተሉትን ጥያቄዎች መልሱ» እንደሚባለው፣ የትእዛዝ ወግ መሰለኝ። ጊዜ ለማትረፍ ዘለልኩት፤ ዋናውን ነገር ብቻ ጻፍኩ። ራዊያ በትከሻዬ አጮልቃ አይታ፣ «እትዬ ወለላ፣ እርስዎ ቢፈተኑልን ወላሂ ይሻለን ነበር» ብላ ሳቀች። ደስ አለኝ። እኔን ደስ ያለኝ ነገር መጨረሻው አያምርም።

ምሥራቅ ሁለት ወር ሠራች። ለእያንዳንዱ መስመር ግማሽ ገጽ፣ አንዳንዱ አንድ ገጽ። መቶ አሥራ ስምንቱንም ጨረሰች። እኔ ግን መጨረሷ ራሱ አስፈራኝ።

ግቢያችን ውስጥ ተከራይቶ የሚኖረው ይሁኔ፣ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የግብርና ባለሙያ ነው። ምሥራቅ ደብተሯን እንዲያይላት ሰጠችው። በራፉ ላይ ተቀምጦ እያገላበጠ፣ ሙቀታችሁ እንኳን ሰውን ማሽላውንም ያስለቅሳል እያለ ሲያማርር ቆየና አንድ ገጽ ላይ ማገላበጡን አቆመ።

የዘር መጠን የሚለው ገጽ ነበር። ምሥራቅ የዘር መጠን ምን ማለት እንደሆነ፣ ሲበዛም ሲያንስም ምን እንደሚያመጣ አሳምራ ጽፋለች።

«ለሄክታር አሥር ኪሎ ንጹሕና የሚበቅል ዘር ያስፈልጋል እንበል» አላት። «በእጅሽ ያለው ዘር ንጽሕናው ዘጠና ስምንት በመቶ፣ የመብቀል አቅሙ ሰማንያ አምስት። ስንት ኪሎ ትዘሪያለሽ?»

ትንሽ አሰበችና የጎደለውን አሥራ ሰባት በመቶ አሥር ላይ ጨመረች። «አሥራ አንድ ከሰባት።»

«አይደለም። ዘጠና ስምንቱን በሰማንያ አምስቱ ታባዢያለሽ፤ ሰማንያ ሦስት በመቶ ይሆናል። ከዚያ አሥሩን ለእሱ ታካፍያለሽ፤ አሥራ ሁለት ኪሎ ነው። ዓላማው አስላ ነው የሚለው፣ አብራራ አይደለም። ዝርዝሩን እስቲ አምጪው።»

በእኔ እጅ ጽሑፍ የተገለበጠውን አመጣችለት። ሁለቴ አየው። ይሄ ዓላማ አይደለም፣ የርዕስ ዝርዝር ነው፤ ምን ማድረግ እንዳለብሽ የሚናገረው ቃል የለም አላት። ምሥራቅ እኔን አላየችኝም፣ ወረቀቱን ነው ያየችው። ዝም ብል ኖሮ ወረቀቱ መጀመሪያም እንደዚያ ነበር ብላ ታስብ ነበር። አስቤዋለሁ፣ አልዋሽም።

«እኔ ነኝ የተውኩት» አልኩ። «ትርፍ መስሎኝ።»

ዝርዝሩን አጣጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው። ይሁኔ፣ ራዊያ ጋ ዋናው ካለ ተስፋ አትቁረጡ፣ ቃላቱን መልሶ መጻፍ የሁለት ሰዓት ሥራ ነው አለ። ኔትወርክ አልነበረም። ማለዳ መናኸሪያ ወረድኩ፤ መንገድ ተዘግቷል ተባለ። እስከ ቀትር ቆሜ ተመለስኩ። በማግሥቱ ተከፈተና ሮቢት ደረስኩ። ራዊያ ከአንድ ቀን በፊት ለፈተናው ደሴ ወደ አጎቷ ሄዳለች፤ ወረቀቱን ይዛው። እናቷ ውኃ ሰጡኝና፣ ልጄ ባዶ እጅሽን አትመለሺ ብለው ሎሚ ቋጠሩልኝ።

አራት ቀን ቀረ። የትኛው መስመር ማብራራት፣ የትኛው ማስላት እንደሚፈልግ መለየት አልተቻለም። ይሁኔ ከየምዕራፉ መጨረሻ ያሉትን መልመጃዎች ሥሪ፣ ቁጥር ያለበት ሁሉ ምናልባት ማስላት ነው አለ። የአሥራ አምስቱን ለመሥራት ግን ቀኑ አይበቃም። ምሥራቅ ሠንጠረዡን አውጥታ ጥያቄ የበዛባቸውን አራት ኮርሶች መረጠች። የቀሩትን አሥራ አንዱን እንዳሉ ተወቻቸው። እኔ ቁጥሩን ሳነብላት እሷ ስታሰላ፣ አራቱን ቀን እንዲሁ አሳለፍናቸው። ከቁጥር ሌላ የተነጋገርነው ነገር የለም።

ወልድያ ተፈትና ተመለሰች። እንዴት ነበር አልኳት፤ ነበር አለችኝ።

ውጤቱ የወጣው በየካቲት መጀመሪያ፣ ከሰዓት በኋላ ነው። ኔትወርክ የተሻለ ነው ተብሎ ዋጃ ድረስ ሄዳ ነበር። ፀሐይ ስትጠልቅ ባጃጅ በር ላይ አወረዳት። ፊቷን አይቼ አላወቅኩም፤ ጫማዋን ሳታወልቅ ደጃፉ ላይ ስትቀመጥ ግን አወቅኩ።

«አርባ ሰባት» አለች።

ቆይቼ ከስሌቱ ስንቱን እንደሠራች ጠየቅኋት። ባልጠይቃት ይሻል ነበር።

«ከአራቱ ኮርስ የመጣውን ሠርቼዋለሁ። የገደለኝ ከአሥራ አንዱ የመጣው ነው። አስላ፣ ንደፍ። ሁሉንም ብጠየቅ ላብራራላቸው እችል ነበር።»

መንገዱ ላይ ሰው መጥፋት ጀምሯል፤ በዚህ ጊዜ ሲመሽ ደጅ መቀመጥ ደግ አይደለም። ምሥራቅዬ ግቢ አልኳት። አልተነሣችም። ይሁኔ ከክፍሉ ወጥቶ አየንና ተመለሰ። ሁለተኛ ጊዜ ስጠራት ተነሣችና ጫማዋን ደጃፉ ላይ አውልቃ ገባች። ወደ ሞጁሎቹ ሄዳ ከላይ ያለውን አንሥታ መልሳ አስቀመጠችው።

«ከራዊያ ዋናውን አመጣለሁ» አለች። «በዓላማው ነው የምሄደው፣ መንገዱ ልክ ነበር። ግን ራሴ ነኝ የምገለብጠው። አንቺ እንዳትነኪው፣ እማ።»

እሺ አልኳት። የፈተናው ክፍያ፣ ሰኔ ድረስ መንገዱ ክፍት መሆን አለመሆኑ፣ እሷም ሦስተኛ ጊዜ መቀመጧ፣ ሁሉም ባንድ ላይ መጣብኝ። ጫማዋን ከደጃፉ አንሥቼ አስገባሁና በሩን ቆለፍኩት።