የጋሼ ተክለብርሃን ፊት ያለ መነጽር

ሰው ፎቶ ይዞ እኔ ጋ ሲመጣ እውነቱን እንድነግረው ፈልጎ አይደለም። ቦርጬን ቀንስልኝ፣ ፀጉር ጨምርልኝ፣ የቀድሞ ባሌን ከመሀል አውጣልኝ ነው የሚለኝ። ከሆሊውድ ብዙ በማይርቀው ፌርፋክስ ሰፈር ካለ ማተሚያ ቤት ጓሮ፣ መስኮት በሌላት ጠባብ ክፍል ውስጥ ይህን ስሠራ ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ፊት ሳይ ውዬ፣ ከአንድ ሰው ጋር እንኳ ሳላወራ ቤቴ የምገባበት ቀን ብዙ ነው። አሥራት አመለኛ ነው ይሉኛል፤ አልተሳሳቱም።

እትዬ ሙሉዬ ማክሰኞ ጠዋት ከባልድዊን ሂልስ በአውቶቡስ መጡ። ባላቸው ጋሼ ተክለብርሃን ሆሊውድ ውስጥ ፓርኪንግ ላይ መኪና ሲያስቆሙ ኖረው ባለፈው ወር አርፈዋል። አርባቸው ቅዳሜ ስለሆነ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የሚቆም ትልቅ ፎቶ ያስፈልጋል። እኔ ሰውየውን በሕይወት ሳሉ አላውቃቸውም።

ያመጡት ፎቶ ከሁለት ዓመት በፊት የሰው ሰርግ ላይ የተነሱት ነው። ወፍራም ጥቁር ፍሬም ያለው መነጽር አድርገዋል። ግራው ሌንስ ላይ የመስኮት ብርሃን አርፎ የዓይናቸውን ግማሽ ሸፍኖታል።

"መነጽሩን አውልቅልኝ" አሉኝ።

"እትዬ፣ ሰው የሚያውቃቸው በመነጽር አይደል? ነጸብራቁን ብቻ ላጥፋው።"

"እኔ በመነጽር አላውቀውም። ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚያወልቀው እሱን ነው፤ ከጫማው በፊት።"

"ያለ መነጽር የተነሱት ሌላ ፎቶ የለም?"

"ካሜራ ካየ ያጠልቀዋል። ካለሱ ማን እንደሚያነሳኝ አላይም ይላል።" ከቦርሳቸው አንድ የድሮ መታወቂያ አወጡ፤ መነጽር ያልጀመረ የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ። "ያለኝ ይሄ ብቻ ነው። ልጅ አልወለድን፣ እንዲህ ነበር ወይ ብዬ የምጠይቀው ሰው የለኝ። አሥራት፣ ፊቱ እየጠፋብኝ ነው። ላስታውሰው ስል መነጽሩ ብቻ ነው የሚመጣብኝ።"

ይህን ሲሉ አላለቀሱም። እኔም ሐሙስ ይምጡ ብዬ ሸኘኋቸው።

መነጽር ማውጣት ፍሬሙን ማጥፋት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ፍሬሙማ ቀላሉ ነው። የሩቅ አላይም ያለ ሰው ሌንስ ዓይንን አሳንሶ ያሳያል፤ የፊትንም ጠርዝ ወደ ውስጥ ሰበር ያደርገዋል። ስለዚህ ዓይናቸውን ትንሽ አሳደግኩት፣ የተሰበረውን ጠርዝ ከሌንሱ በላይና በታች ካለው ጋር ገጠምኩት። ብርሃን የሸፈነውን ዓይን ከሌላኛው ገልብጬ ወሰድኩ። ሲገለበጥ ግን ብሌኑ ላይ ያለችው የብርሃን ነጥብም አብራ ትዞራለች፤ እሷን ወደ መስኮቱ በኩል መለስኳት። የማንም ሰው ሁለት ዓይን አንድ ዓይነት ስላልሆነ የዓይን ቆቡን እጥፋት መታወቂያውን እያየሁ ለየሁት።

አፍንጫው ላይ ሁለት ጥላ አለ፤ አንዱ የፍሬሙ፣ አንዱ የራሱ የአፍንጫው። ሁለቱንም ያጠፋ ሰው ፊቱን ሰሌዳ ያደርገዋል። ብርሃኑ ከግራ ስለነበር የአፍንጫውን ጥላ ከቀኝ ቅንድብ ሥር አስነስቼ በጎኑ በኩል ቀስ እያልኩ አወረድኩት። ቀለሙን ለብቻ፣ የቆዳውን ቀዳዳና መስመር ለብቻ ሠራሁ። የአፍንጫ ቆዳ ከአፍንጫ፣ ከዓይን ሥር ያለው ስስ ቆዳ ከዚያው ከአጠገቡ ነው የሚወሰደው፤ ከግንባር አምጥተህ ከለጠፍክበት የሱሪ ጉልበት ላይ እንደተጣፈ እራፊ ያስታውቃል። በመጨረሻም እንደ ልማዴ አጸዳሁት፤ ጥቁር ነጥቡን፣ ያልተስተካከለውን ቀለም፣ ያገኘሁትን ሁሉ። ኮራሁበት፤ አልዋሽም።

ሐሙስ እትዬ ሙሉዬ ስክሪኑ ፊት ብዙ ቆዩ።

"ቆንጆ ነው" አሉ። "ታናሽ ወንድም ቢኖረው እሱን ነበር የሚመስለው።"

ተናደድኩ። ሁለት ቀን ሙሉ አጎንብሼ! "እሺ ምኑ ነው የጎደለው? ይንገሩኝ።"

"እኔ እንጃ። ባውቀውማ ምን ቸገረኝ።" ነጠላቸውን ሰበሰቡ። "በቃ ተወው ልጄ። አንተ ምን ታደርግ? ያላየኸውን ሰው። እኔም ረሳሁት ማለት ነው።"

ንዴቴ በአንዴ ወደ እፍረት ተለወጠ፤ የራሴን መነጽር አውልቄ ዓይኔን ማሸት ጀመርኩ። መልሼ ላደርገው ስል እጄን ያዙኝ።

"ቆይ! እንዳታደርገው!"

በሁለት ጣታቸው አፍንጫዬን ግራና ቀኝ ነኩኝ። መነጽር የሚያርፍባቸው ሁለቱ ላስቲኮች ለዓመታት ያጎደጎዱት ቦታ ላይ።

"ይሄ! ይሄ ነው የጠፋው!"

ሰው ፊቴን ከነካኝ ስንት ዓመት እንደሆነኝ አላውቅም። አፈርኩ፤ ጣታቸውን እንዳያነሱም ፈለግኩ። ሠላሳ ዓመት በገዛ አፍንጫዬ የተሸከምኩትን ምልክት እኮ ነው፣ እድፍ ነው ብዬ ከሰው ፊት ያጠፋሁት።

ወንበር ሳብኩላቸውና አብረን ተቀመጥን። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እሠራለሁ።

"የትኛው ጉድጓድ ነው የሚጠልቀው?"

"የግራው። መነጽሩ ላይ ተቀምጦበት ተጣሞ ነበር፤ አልቀይርም ብሎ።"

ጉድጓዱን ብርሃን በሚመጣበት በኩል ጨለም፣ በማዶው ጠርዝ ፈካ አደረግኩት። በጥላው በኩል ያለውን ደብዘዝ አድርጌ ተውኩት።

"ዓይኑ ዙሪያ ደግሞ ቀላ ይል ነበር። ፓርኪንግ ላይ ፀሐይ ሲመታው ነው የሚውለው፤ ስለዚህ ከመነጽሩ ሥር ያለው አልጠቆረም።"

ከጉንጩ ጋር እኩል ለማድረግ የለፋሁበትን ቀለም መልሼ ለየሁት።

"ዓይኑን ጠበብ ያደርጋል። በሩ ላይ ስቆም እኔ መሆኔን ሲያጣራ።"

የታችኛውን ቆብ በጣም በትንሹ ከፍ አደረግኩት። እትዬ ሙሉዬ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ።

"ቤት ገባህ እንዴ?" አሉት፤ ለኔ አልነበረም። ከዚያ አለቀሱ፤ እኔም ፊቴን አዞርኩ።

ሲረጋጉ እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። "ለአዳራሹ መነጽር ያለውን አትምልኝ።"

"እንዴ እትዬ! ይሄን ሁሉ ከለፋን በኋላ?"

"ሰዉ የሚያውቀው እሱን ነው፣ እንደሚያውቁት ይሰናበቱት። ይሄ የቤቴ ነው። በትንሹ አድርግልኝ፣ አልጋዬ አጠገብ የሚቆም። ከኮምፒውተርህም አጥፋው።"

አትሜ ሰጠኋቸው፤ ፋይሉንም ዓይናቸው እያየ አጠፋሁት። በር ላይ ሲደርሱ ዞሩ።

"እስከ ዛሬ ይሄን ፊት የማውቀው ብቻዬን ነበር። አሁን ሁለት ሆንን። ከረሳሁት እደውልልህና ትነግረኛለህ፤ ኦኬ?"

"እሺ እትዬ" ብዬ ስልክ ቁጥሬን በትልቁ ጻፍኩላቸው።

በሳምንቱ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ደወሉ።

"አሥራት፣ አፍንጫው ላይ የሚጠልቀው የትኛው ነበር?"

ፎቶው አጠገባቸው እንደቆመ አውቃለሁ። "የግራው ነው፣ እትዬ" አልኳቸው።

"አዎ፣ የግራው" አሉ፤ ስልኩን ግን አልዘጉም። እኔም አልዘጋሁም።