ድስቱ ለስንት ሰው ይበቃል?

የቤት ዕቃ ሱቁ የአማቱ ነበር፤ በሱቁ የኢንተርኔት ገጽ ላይ ስለ ዕቃው የሚጽፈው ግን እሱ ነው። ድሮ የሬዲዮ ማስታወቂያ ይጽፍና ያነብ ስለነበር ጎረቤት ነጋዴዎች ሁሉ «ማስታወቂያው» ይሉታል። ጣቢያው ተዘግቶ ቤት ሲውል ሚስቱ እናቷን ለምና እዚህ አስገባችው። አማቱም ለሰው ሲያስተዋውቁት «እጅግ የታወቀ፣ በጣም ትልቅ ሰው ነው» ይሉለት ነበር። እንዲህ ያለ ቃል የሚደረደረው ስለ ዕቃው የሚባል ነገር ሲጠፋ መሆኑን ከማስታወቂያው በላይ የሚያውቅ የለም፤ ስለዚህ በተመሰገነ ቁጥር አንገቱን ይደፋል።

ችግሩ በገጹ የተሸጠው ዕቃ መመለሱ ነው። «ለመላው ቤተሰብ» ያለውን ድስት አንዲት ባለ ብዙ ልጅ እናት ገዝታ በማግስቱ ይዛው መጣች፤ ግማሹ ቤተሰብ ጦሙን አድሮባታል። «ሙቀቱ የማይበገር» ያለውን ፔርሙስ የገዛ ሰውዬ ትናንት የሞላውን ሻይ ዛሬ ሱቁ አምጥቶ የማስታወቂያውን አማት አቀመሳቸው። «ማንኛውንም ልብስ በአስተማማኝ ብቃት የሚሸከም» ያለው የልብስ ማስጫ ደግሞ እርጥብ ምንጣፍ ተሰቅሎበት እግሩን አንፈራጦ ተመለሰ።

አማቱ ብዙ አልተቆጡም። ወንድማቸው ጅምላ አከፋፋይ ነው፤ መጋዘኑ ውስጥ ካርቶን የሚያወርድ ሰው ይፈልጋል። ዕቃው በዚህ ወር መመለሱን ካላቆመ ማስታወቂያው ወደዚያ እንደሚሄድ ነገሩት። እሱን ያስጨነቀው ካርቶኑ ብቻ አይደለም፣ ምንም እንኳ ወገቡ የካርቶን ስም ሲጠራ የሚያመው ቢሆንም። ለምና ያስገባችው ሚስቱ ናት። እሷን በእናቷ ፊት ካዋረዳት በኋላ ማታ በምን ዓይኑ ያያታል?

ስለዚህ አንድ ቀን ጠዋት ከመደርደሪያው ጀርባ ቁጭ ብሎ የድስቱን ጽሑፍ ከፈተው። «እጅግ ዘመናዊ በሆነ ቴክኖሎጂ የተመረተ፣ በጥራቱ ወደር የማይገኝለት፣ ወጥ ቤትዎን ግርማ ሞገስ የሚያጎናጽፍ፣ የዘመናችን ምርጥ ድስት» ይላል። እናቷን ልታግዝ ሱቅ የመጣችው ሚስቱ በትከሻው አሻግራ አነበበችውና ሳቋን ዋጥ አደረገች።

«ለጫማም ሊባል የሚችለውን ቃል ሁሉ አውጣው» አለችው።

ዘመናዊው ወጣ። ወደር የማይገኝለት ወጣ። ግርማ ሞገስ ላይ ሲደርስ ጥርሱን እንደሚነቀል ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሰረዘው። ሲጨርስ ስክሪኑ ላይ «ድስት» የሚል ቃል ብቻ ቀረ። ቀና ብሎ መደርደሪያውን ተመለከተ። ያን ሁሉ ሲጽፍ የድስቱን ክዳን አንድ ቀን እንኳ ከፍቶ አያውቅም ነበር። ደነገጠ።

አማቱ ግን ያውቃሉ። እሳቸው ደንበኛ ሲመጣ የዕቃውን ጉድለት ነው አስቀድመው የሚናገሩት። «ይሄ አይሆንሽም» ብለው ይጀምራሉ፤ ሰውም አምኗቸው የሚሆነውን ገዝቶ ይሄዳል። ማስታወቂያው ስልኩን ለመቅጃ አዘጋጅቶ ስለ ድስቱ እንዲነግሩት ጠየቃቸው። ስልኩ ወደ እሳቸው ሲዞር ሻሻቸውን አስተካከሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ይህ ድስት» አሉ የእሳቸው ባልሆነ ድምፅ፣ «እጅግ በጣም ከፍተኛ ደረጃውን የጠበቀ፣ ምርጥ...»

ማስታወቂያው ስልኩን ኪሱ ከተተው። የራሱ በሽታ ወደ አማቱ ተጋብቷል።

ምሳ ሰዓት ላይ አንድ ዘዴ መጣለት። ወደ ሱቁ ጓሮ ወጥቶ፣ አፉን በጨርቅ ሸፍኖ፣ በሬዲዮ ዘመኑ የሽማግሌ ገጸ ባሕርይ ይጫወትበት በነበረው ድምፅ ወደ ሱቁ ስልክ ደወለ። ድስት እንደሚፈልግ ተናገረ።

«ቤት ውስጥ ስንት ናችሁ?» አሉት አማቱ።

ይህን ጥያቄ አልጠበቀውም። እስከ ዛሬ ከጻፈው ሁሉ አንዱም የገዢውን ቤት አልጠየቀም። አራት ነን አለ።

«እንግዲያው መካከለኛው ይበቃሃል። ለስድስት ካሰብከው ግን አትውሰደው፤ ይገነፍልና ምድጃህን ያበላሽብሃል። እጀታው ይግላል፣ በጨርቅ ያዘው። አሉሚኒየም ነው፤ ኢንዳክሽን በሚሉት ምድጃ ላይ አይሞቅም። በጋዝና በተራው ኤሌክትሪክ ይሠራል። ካረረብህ ውኃ ሞልተህ አሳድረው እንጂ በብረት አትፈግፍገው።»

ማስታወቂያው ስልኩን በትከሻው ይዞ የቻለውን ያህል ወረቀት ላይ ጫረ። ስለ ፔርሙሱም ጠየቀ። ጠዋት የሞላውን እስከ ከሰዓት ያሞቃል፣ ለነገ ግን እንዳይተማመንበት፣ ክዳኑም ካልጠበቀ ቦርሳ ውስጥ እንደሚፈስ ነገሩት። የልብስ ማስጫው ሸሚዝና የልጆች ልብስ ይችላል፤ ብርድ ልብስ ከተሰቀለበት ይጎብጣል። ባልዲው፣ መጥበሻው፣ ማጥለያው ሁሉ ተነገረ። ድምፁ እየሻከረ ሌላስ ምን አለ ብሎ ጠየቀ።

«ሌላማ፣ ያን ጨርቅ ከአፍህ ላይ አንሣው፣ ትታፈናለህ። ግባና ምሳህን ብላ፤ ቀዝቅዟል።»

ድምፁን እንጂ ስልኩን መቀየር ረስቶ ነበር። የሱቁ ስልክ ገና ከመጀመሪያው የእሱን ስም አሳይቷቸዋል። እንደ ጥፋተኛ ተማሪ ገባ፤ ሚስቱ ከሣቋ ብዛት ባንኮኒውን ተደግፋ ነበር። አማቱ ግን ሳሕኑን ገፋ አድርገው ሰጡት።

ያን ከሰዓት ገጹን ከላይ እስከ ታች እንደገና ጻፈው። «መካከለኛ የአሉሚኒየም ድስት። ለአራት ሰው ይበቃል፤ ለስድስት አይበቃም፣ ትልቁን ይዩ። በጋዝና በተራ የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ይሠራል፣ በኢንዳክሽን ላይ አይሞቅም። እጀታው ስለሚግል በጨርቅ ይያዙት።» ሲያነበው ራቁቱን አደባባይ የወጣ መሰለው።

የአማቱ ወንድም ገጹን አይቶ ደወለ። የገዛ ዕቃዋን ማን እንደሚሰድብላት እህቱን ጠየቃት። የሚያስፈራው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትእዛዙ መቀነሱ ነው። አማቱም ስልኩን ደጋግመው እያዩ ይቁነጠነጡ ጀመር፤ ማስታወቂያው ግርማ ሞገስን መልሶ ሊያስገባት ሁለት ጊዜ ተነሥቶ ሁለት ጊዜ ተቀመጠ። ከዚያ አንዲት ሴት ለስድስት የሚሆነው እንዳለ ጽፋ ጠየቀች፤ አለ ተባለች፤ ወሰደች። ሌላው ጋዝ ምድጃ እንዳለው ነግሮ መካከለኛውን አዘዘ። ሽያጩ ቀስ እያለ አንሰራራ። የተላከው ግን በሄደበት ቀረ፤ አንድም ዕቃ አልተመለሰም።

ወሩ ሲያልቅ ወንድምየው ራሱ መኪናውን ሱቁ በር ላይ አቁሞ ገባ። ደንበኞች ነበሩ። ማስታወቂያውን ከእግር እስከ ራሱ አየና ሰውዬውን ልውሰደው ወይ አለ። ማስታወቂያው በልማዱ አንገቱን ደፋ፤ እጅግ የታወቀ፣ በጣም ትልቅ ሰው መባሉን እየጠበቀ ነው።

«አይሆንህም» አሉ አማቱ። ለደንበኛ በሚናገሩበት ድምፅ ነው። «ወገቡን ያመዋል፣ ከባድ ዕቃ አያነሣም። ጠዋት ያረፍዳል። ካልከለከሉት ወሬ ያበዛል። እሱ የጻፈለት ዕቃ ግን አይመለስም። ለእኔ ይሆነኛል፣ አልሰጥህም።»

ደንበኞቹ ሳቁ። ማስታወቂያው ግን አንገቱን ቀና አደረገ፤ በሕይወቱ እንዲህ ተመስግኖ አያውቅም። ማመስገን ፈልጎ «ወሰን የለሽና ከልብ የመነጨ» የሚል ቃል አፉ ላይ መጣበት። ሚስቱን አየና ዋጠው።

«እሺ እማማ» አለ። «ከነገ ጀምሮ ግን አላረፍድም።»

«እሱን ገጹ ላይ እንዳትጽፈው» አሉ አማቱ።