የሳምቡሳው ዱዓ ለማንጎ አይሠራም

ዓቢዳ ፍየሏን ሸጣ ብሩን በሻሿ ጫፍ ቋጠረች። መርሳ ከተማ ላይ የራሷን ሥራ የምትጀምርበት ገንዘብ ይኸው ነው፤ ሌላ ፍየል የላትም። ባሏ ሙሄዲን ግን «ዱዓ ሳይደረግበት አይነካም» አለ። ዱዓ ደግሞ ያለ ጫት አይደምቅም፤ የጫቱ ብር ከሻሹ ወጣ።

በመጀመሪያ ሳምቡሳ ጠብሶ መሸጥ ተባለ። ሸህ ይማም መጥተው መረቁ። በማግስቱ ሙሄዲን የምድጃና የመጥበሻ፣ የዘይትና የምስር ዋጋ ጠይቆ ተመለሰ።

«አንች ሰው፣ አንዲት ሳምቡሳ ሳንሸጥ ብሩ ዕቃ ሆኖ ቁጭ ሊል ነው። ያደረውንስ ማን ይበላዋል?»

«ይኸ ትናንት አልታየህም?»

«ዱዓ ላይ ቁጭ ብየ ሒሳብ ልሥራ እንዴ?»

ስለዚህ ከገበሬ ማንጎ ገዝቶ ለመንገደኛ መሸጥ ተባለ። የሳምቡሳው ዱዓ ለማንጎ አይሠራምና ሸሁ እንደገና ተጠሩ፤ ጫት እንደገና ተገዛ።

ማንጎ ዕቃ አይፈልግም፤ ጠዋት የገባው ብር ማታ ይመለሳል። ይኸን ግን የመርሳ ሰው ሁሉ ያውቃል። አውቶቡስ በቆመ ቁጥር በአንድ መስኮት ስንት ቅርጫት ይንጠለጠላል፣ ዋጋው ይወርዳል። የተረፈው ሲነጋ ይላሽቃል። ያልላሸቀውን ጎረቤት «ቅዳሜ እሰጥሻለሁ» እያለ ይወስደዋል፤ የትኛው ቅዳሜ እንደሆነ አይናገርም።

ቋጠሮው ሳሳ። ሙሄዲን «እንግዲህ አገልግሎት መስጠት ነው የሚቀረን፤ ሸህ ይማምን ልጥራ» አለና ተነሣ።

«ከዚች በር ብትወጣ እግርህን እሰብረዋለሁ» አለች ዓቢዳ።

በቀረችው ብር የሰው ስልክ ቻርጅ ልታደርግ አንድ የሶኬት ማከፋፈያና ቀጭንም ወፍራምም ቻርጀሮች ገዛች። ከልብስ ሰፊው ከፈንታው ጋር የመብራቱን ሒሳብ ልትጋራ ተስማምታ ሱቁ ጥግ ተቀመጠች። በገበያ ቀን መብራት ከሌለበት ቀበሌ የመጡ ገበሬዎች የሞተ ስልካቸውን ይዘው ከበቧት። በየስልኩ ላይ የባለቤቱን ስም ለጠፈች።

ቀትር ላይ መብራት ጠፋ።

«ብየሽ ነበር፤ ዱዓው ቀርቶ ነው» አለ ሙሄዲን፣ ደስ ያለው ይመስላል።

ማዶ የማንጎ ሻጮቹ ቅርጫታቸውን ከፀሐይ እያሸሹ ነበር። የዓቢዳ ዕቃ ፀሐይ አይፈራም፤ ተቀምጣ ጠበቀች። ገበያው ሊፈታ ሲል መብራቱ መጣ።

ሸህ ይማም የሞተ ስልክ ይዘው ገቡ። ሙሄዲን ዘሎ ተነሣ። «ሸሆቼ፣ በደህና መጡ! ለዚች ሥራ ዱዓ አልተደረገላትም።»

«አንተ ልጅ፣ ላልተጀመረ ሥራ መመረቅ ደክሞኛል። ይኸንንስ ጀምራችሁታል።» ስልካቸውን ለዓቢዳ ሰጧት። «ስንት ነው ልጄ?»

«ከሸህ ይማም ልትቀበይ ነው?» አለ ሙሄዲን።

«የዱዓውን ጫት ከፍለናል፤ እሳቸውም የቻርጁን ይክፈሉ።»

ሸሁ እየሳቁ ከፈሉ። ዓቢዳ ሻሿን ፈታች፤ ብር ልታወጣ ሳይሆን ልትጨምር ስትፈታው የዛሬው የመጀመሪያዋ ነው።