ሦስት የሚስቁ ፊቶች

ኑኃሚን ፋርማሲስት ናት፤ በቴሌግራም ገጿ ደግሞ የሌለ ፈውስ የሚቸበችቡትን በስላቅ ትሸነቁጣለች። አንድ ቀን ሰሞኑን ገበያ የወጣ የሞሪንጋ ጁስ ፎቶ ለጠፈችና ከሥሩ፣ «ኪኒናችሁን ጣሉ! ይህ ጁስ ስኳርን ከነሥሩ ይነቅላል፤ ሐኪሞቹም ሥራ ፈትተው እርሻ ገብተዋል» ብላ ጻፈች። «ስላቅ ነው» የሚል ልትጨምርበት አሰበችና ተወችው። ቀልድ ካብራሩት ምኑን ቀልድ ሆነ? ደግሞስ ይህን የሚያምን ማን ነው! በምትኩ ሦስት የሚስቁ ፊቶች ደረደረችበት። ተከታዮቿ በሳቅ ፍርስ አሉ።

በወሩ፣ እሷ በምትኖርበት የልደታ ኮንዶሚኒየም ከእሷ በላይ ያለው ፎቅ የሚኖሩት እትዬ ተናኘወርቅ ሆስፒታል ገቡ ተባለ። ስኳራቸው አሻቅቦ የእግራቸው ቁስል ስለከፋ እግራቸው ሊቆረጥ ነው። ኑኃሚን ስትደርስ ጎረቤታቸው ፈሪዳ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ታለቅሳለች። ዓይናቸው ስለደከመ ስልካቸው ላይ ያለውን የምታነብላቸው እሷ ናት።

«ያንቺን ጽሑፍ እኔው ነኝ ያነበብኩላቸው» አለች። «የፋርማሲዋ ልጅ ካለችማ ብለው ኪኒናቸውን ተዉት።»

«የሚስቁትን ፊቶች አላየሽም?»

«አይቻለሁ። ደስ ብሎሽ የጻፍሽው መሰለኝ።»

ኑኃሚን ወደተኙበት ክፍል ገባች። ይቅርታ ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት እትዬ ተናኘወርቅ እጇን ያዟት።

«እንዳትቀየሚኝ ልጄ» አሉ፤ «ያልሽውን ጁስ ሁለት ቀን ሳልጠጣው ቀርቻለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው።»