ከውጭ ያልተሞከረው በር

እትዬ የቅየሳ ቢሯችን ጸሐፊ ናቸው። በሃያ ሁለት ዓመት አንድ ደብዳቤ ጠፍቶባቸው አያውቅም።

ዐርብ ከሰዓት አዲሱን የኢሜይል ሰርቨር አስነሳሁ። ማክሰኞ እትዬ ጠረጴዛዬ ድረስ መጡ።

«ልጄ፣ ከውጭ አንድም ነገር አልገባልኝም። ደንበኛው የካርታውን ማስተካከያ ሰኞ ልኬያለሁ ይላል።»

ከራሱ ከሰርቨሩ ላይ የሙከራ መልእክት ላክሁላቸው፤ ወዲያው ደረሰ።

«ይኸው፣ ጤነኛ ነው» አልኳቸው።

«እትዬ፣ የመሰረዣውን ቁልፍ ተደግፈው ቡና እየጠጡ እንዳይሆን!» አለ አንዱ ቀያሽ። እኔም አብሬው ሳቅሁ።

ረቡዕ ሥራ አስኪያጁ ሲጠይቀኝ፣ «ሳያውቁ ሰርዘውት ይሆናል» አልኩት። በዚያው ቀን ለእትዬ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ወጣ። ሌላ ጸሐፊ ስለሌለን የተየቡት ራሳቸው ናቸው።

ሐሙስ ጠዋት የደንበኛው የኮምፒውተር ባለሙያ ደወለልኝ።

«ወንድሜ፣ ኢሜይል ከውጭ የሚገባበት በር፣ ፖርት ሃያ አምስታችሁ ዝግ ነው። መልእክታችን ከሰኞ ጀምሮ እኛው ጋ ወረፋ ይዟል። አምስት ቀን ከሞላው ለላኪው ይመለሳል።»

ኢሜይሉን የሚያመላልሰውን ፕሮግራም፣ የፖስትፊክስን ዋና ማዋቀሪያ ፋይል ከፈትኩ። mydestination የቢሮውን ዶሜይን ይዟል። mynetworks የቢሮውን ኔትወርክ ብቻ ያምናል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ቀጥሎ ግን ይህ አለ፦

inet_interfaces = loopback-only

ሰርቨሩ ከራሱ በቀር ማንንም እንዳይሰማ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ስሠራው ለጥንቃቄ ዘግቼ፣ መክፈቱን ረሳሁ። ሁላችንም ኢሜይል የምንጽፈው እዚያው ሰርቨር ላይ ባለ ድረ ገጽ ስለሆነ፣ እርስ በርስም ወደ ውጭም ይሄድ ነበር። የማይገባው የውጭው ብቻ ነው። የእኔም ሙከራ ቤት ውስጥ ሆኖ የራስን በር እንደ ማንኳኳት ነበር።

ቃሉን ወደ all፣ ማለትም «ሁሉንም ስማ»፣ ቀይሬ ፕሮግራሙ ሳይቆም ፋይሉን እንደገና እንዲያነብ reload አደረግሁ። «እትዬ፣ ተስተካከለ!» ብዬ ተጣራሁ።

ባለሙያው ግን ስልኩን አልዘጋም ነበር። «ኧረ ያው ነው» አለኝ።

ጆሮዬ ጋለ። ይህ መስመር ሲቀየር reload አይበቃም፤ ፖስትፊክስ ቆሞ እንደገና መነሳት አለበት። አቁሜ አስነሳሁት። ባለሙያውም የያዘውን ወረፋ እንደገና ላከ።

የካርታው ማስተካከያ ገባ። እትዬ ስክሪኑ ላይ የተላከበትን ቀን በጣታቸው ነኩት፤ ሰኞ ይላል። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ኔትወርክ ነበር» ብል ቢሮው ውስጥ ማንም አያውቅብኝም። ሥራ አስኪያጁ ጋ ገብቼ እውነቱን ነገርኩት። ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ፣ «እንግዲህ የማስጠንቀቂያውን መሻሪያ እትዬ ይጻፉት» አለ።

«እሱንስ እኔ ልጻፈው» አልኩ።

እትዬ ወንበራቸውን ለቀውልኝ ከኋላዬ ቆሙ። በሁለት ጣት እየለቀምኩ፣ «በተፈጠረው የቴክኒክ ችግር ምክንያት» ብዬ ጀመርኩ።

«ልጄ፣ ችግሩ ባለቤት የለውም?»

አጠፋሁት። «የሰርቨሩ ኃላፊ በሩን ዘግቶ፣ ከውጭ ሳይሞክር በጸሐፊዋ ላይ ስለመሰከረ» ብዬ ጻፍኩ።

«አሁን ቀን አድርግበት» አሉኝ።